ማን ወጋ? ማን ተወጋ? የግጭት ዜና ረቂቅ ሲታረም

ሁለት ማኅበረሰቦች በግጦሽ ወይም በውኃ ተጣልተው ሰው ሲሞት፣ ስለ ጉዳዩ የሚጻፈው የመጀመሪያ ረቂቅ ወደ አርታኢው የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በስልክ በተገኘ መረጃ፣ በጥድፊያ ተጽፎ ነው። መንገዱ ተዘግቷል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ የወረዳው ፖሊስ አዛዥ ስልክ አያነሱም። ዘጋቢው ያገኘው ስልኩን ያነሳለትን ወገን ነው። እንዲህ ባለው ረቂቅ ውስጥ ስድብ አይኖርም፤ «ውጡና ተበቀሉ» የሚል ሰውም የለበትም። ቢሆንም በታተመ ማግስት በአንዱ ቀበሌ ለቅሶ ቤት ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰው ከተቀመጠበት ሊያስነሳ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ረቂቅ ነው፤ ያለ ስድብ የሚያቃጥለውን።

ሕጉ እዚህ ላይ ብዙም አያግዘንም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚከለክለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ነው። ዜናን፣ ትንታኔንና ፖለቲካዊ ትችትን ደግሞ በልዩ ሁኔታ ከክልከላው ያወጣቸዋል። ተገቢም ነው። ነገር ግን ከዚህ የተነሳ የሚያስከስስ ነገር የሌለበት ረቂቅ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ የሚያምን አርታኢ ይኖራል። አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚያቃጥል የሚወስነው መዝገበ ቃላት አይደለም፤ የተባለበት ጊዜና የሰማው ሕዝብ ነው። በሩዋንዳ በ1994 እ.ኤ.አ. «ሥራ» የሚለው የዕለት ተዕለት ቃል ለመግደል መጥሪያ ሆኖ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅንና የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ሁለት መሥራቾችን ጥፋተኛ ሲል፣ ከመረመራቸው ጉዳዮች አንዱ ቃላት በዚያ ወቅት በሰሚው ጆሮ ምን ትርጉም እንደነበራቸው ነበር።

እኛ ጋ ያለው ችግር ከዚያ ረቀቅ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ያለው በሰዋስው ውስጥ ነው። ይህን ለማሳየት ያዘጋጀሁትን አንድ አጭር ረቂቅ እንመልከት። በየዓመቱ የሚደርሱን ዜናዎች ተዳብለው የወጣላቸው ምሳሌ እንጂ የአንድ የተወሰነ ቦታ ዜና አይደለም።

ርዕሱ «የአርብቶ አደሮች ጥቃት እንደቀጠለ ነው» ይላል። ጽሑፉ እንዲህ ነው፦

«ትናንት ምሽት ከወንዝ ማዶ የመጡት አርብቶ አደሮች በቀበሌው ላይ በፈጸሙት ጥቃት ሦስት ንጹሐን አርሶ አደሮች በግፍ ተጨፍጭፈዋል። በአጸፋው ሁለት አርብቶ አደሮች ሞተዋል። አንድ የቀበሌው የአገር ሽማግሌ ‹እነዚህ ሰዎች ድሮም ሰላም አያውቁም፤ መሬታችንን ለቀው ካልወጡ ዕረፍት የለንም› ብለዋል። የአርብቶ አደሮቹ ተወካይ በበኩሉ ጥቃቱን አልፈጸምንም ሲል ክዷል። የነባሩ ሕዝብ ትዕግሥት እያለቀ መሆኑ ተገልጿል።»

ከርዕሱ እንነሳ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚያነበው እሱን ብቻ ነው። በስልክ ፎቶ ተነስቶ የሚዞረውም እሱ ነው፤ ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ላለ ዘመድ የሚደርሰውም እሱው። «የአርብቶ አደሮች ጥቃት» ሲባል አርብቶ አደሮቹ ያደረሱት ጥቃት ነው ወይስ የደረሰባቸው? በአማርኛ «የ» ለሁለቱም ያገለግላል። «የገበሬዎች ግድያ» ብንልም ያው ነው፤ ገዳዮቹም ሟቾቹም ገበሬዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከማዶ ያለው አንባቢ «እኛ ላይ የሚደርሰው ጥቃት ቀጥሏል ማለት ነው» ብሎ ሊነሳ ይችላል፤ ከዚህ ያለው ደግሞ በተቃራኒው። መፍትሔው ግሱን መልሶ ማምጣት ነው፦ ማን፣ ማንን፣ ምን አደረገ። ርዕሱ በሁለት ቃል ቢረዝም ይርዘም።

ተመሳሳይ ወጥመድ በፊደላችን ውስጥም አለ። ፊደሉ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «በከተማው ዳርቻ የሚወጉ ወጣቶች በዝተዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር እናስብ። አላልቶ ያነበበው ወጣቶቹ በጩቤ ሌላ ሰው ይወጋሉ ብሎ ይረዳል፤ አጥብቆ ያነበበው ወጣቶቹ ራሳቸው በሌላ ሰው እንደሚወጉ ያስባል። አጥቂና ተጠቂ በአንድ ፊደል ላይ ቦታ ይቀያየራሉ። «ይመታሉ»ም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው በልቡ ያሰበውን ድምፅ ስለሚሰማ ይህን አያየውም፤ ረቂቁን ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብለት ግን ወዲያው ይሰማዋል። «በጩቤ የተወጉ ወጣቶች» ብሎ መጻፍ ጥርጣሬውን ያጠፋዋል። የግጭት ዜናን በዝምታ ብቻ አንብቦ ማሳለፍ አይገባም የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ጽሑፉ እንግባ። «ከወንዝ ማዶ የመጡት አርብቶ አደሮች» ሲል ማዶ ያለው ሕዝብ በሙሉ መጣ ማለት ነው። ስንት ሰዎች ነበሩ? ሃያ? ስድስት? በአማርኛ ብዙ ቁጥር ላይ የምትቀጠለው ትንሿ «ት» ወይም «ቹ» አንድን ቡድን ወደ ሙሉ ሕዝብ ታሰፋለች። ዘጋቢው ቁጥሩን ካወቀ ይጻፍ፤ ካላወቀ «የተወሰኑ ታጣቂዎች» ይበልና እነማን እንደሆኑ የተናገረውን ምንጭ ይጥቀስ።

ቀጥሎ ሟቾቹን እንያቸው። ሦስቱ «ንጹሐን» ናቸው፣ «በግፍ ተጨፍጭፈዋል»። ሁለቱ «ሞተዋል»። ታመው ነው የሞቱት? ሁለቱም ወገን በሰው እጅ ሞቶ ሳለ ለአንዱ ገዳይ ያለበት ግስ፣ ለሌላው ገዳይ የሌለበት ግስ ተሰጥቷል። እነዚያ ሁለቱም እናት አላቸው፤ እናቲቱ ይህን ስትሰማ ልጇ ከሰው እንዳልተቆጠረ ይገባታል። አምስቱም «ተገድለዋል» መባል አለባቸው። «ንጹሐን» የሚለውን ደግሞ ከሁሉም ላይ ማንሳት ይሻላል፤ ምክንያቱም ለአንዱ ሲነገር ሌላው ንጹሕ አልነበረም ማለት ይሆናል። በቦታው «ከእርሻ ሲመለሱ የነበሩ» ወይም «መሣሪያ ያልያዙ» የሚል የተረጋገጠ ነገር ካለ፣ እሱ ከቅጽል ይልቅ ይናገራል።

ከሁሉም በላይ የምፈራት ቃል «በአጸፋው» ናት። አጭር ስለሆነች ዓይን ያልፋታል። ነገር ግን የጠቡን መጀመሪያ በራሷ ሥልጣን ወስናለች፦ ነገሩ ትናንት ምሽት ተጀመረ፣ የጀመሩትም ማዶኞቹ ናቸው ትላለች። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዘጋቢው መልሶ ሲደውል ሌላ ታሪክ ያገኛል፤ ከሁለት ቀን በፊት ከብት ማሳ ገብቶ ነበር፣ ከብቱ ተይዞ ነበር፣ እረኛ ተደብድቦ ነበር፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የወንዙ መሻገሪያ ታጥሮ ነበር። እያንዳንዱ ወገን ሰዓቱን የሚጀምረው እሱ ከተጎዳበት ደቂቃ ነው። አርታኢ የመጀመሪያውን ጥፋተኛ እንዲያገኝ አይጠበቅበትም፤ ያልመረመረውን መጀመሪያ ግን በአንድ ቃል ማወጅ የለበትም። «በአጸፋው»፣ «በምላሹ»፣ «ይህን ተከትሎ»፣ «ራሳቸውን ለመከላከል» የሚሉት ሁሉ በረቂቅ ላይ ሲታዩ «ይህን ማን ነው ያለው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የሽማግሌው ንግግር ሌላ ውሳኔ ይፈልጋል። ብዙ ዘጋቢ «በትእምርተ ጥቅስ ስላስገባሁት ኃላፊነቱ የእሳቸው ነው» ይላል። በዚህ አልስማማም። ሽማግሌው ሐዘን ላይ ሆነው የተናገሩትን ለአንድ ሰው ነው የነገሩት፤ ለመቶ ሺህ ሰው ያደረስነው እኛ ነን። ንግግሩን ስንከፍለው ሦስት ነገር አለበት። «እነዚህ ሰዎች ድሮም ሰላም አያውቁም» የሚለው በአንድ ሕዝብ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው፣ ዜናነት የለውም። «ለቀው ካልወጡ» የሚለው ማስፈራሪያ ሊሆን ይችላል፤ የአንድ አዛውንት ምሬት ከሆነ ይቀራል፣ ቀበሌው በስብሰባ የወሰነው ከሆነ ግን ዋናው ዜና እሱ ነውና የወረዳው መልስ ተጠይቆበት መውጣት አለበት። «ዕረፍት የለንም» የሚለው ደግሞ የሰውየው እውነተኛ ሕይወት ነው፤ ዘጋቢው ተመልሶ «ዕረፍት የለንም ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ልጆች ትምህርት ቤት መሄድ ማቆማቸውን፣ ማታ ማታ ተራ ወጥተው እንደሚጠብቁ ይነግሩታል። ያ ጥቅስ የሚጠቅም ጥቅስ ነው፤ ማንንም ሳይከስስ ሰቀቀኑን ያሳያል።

አሁን ሁለቱን ተናጋሪዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሽማግሌው «ብለዋል»፤ ተወካዩ «ክዷል»። አንዱ አንቱ፣ ሌላው አንተ። አማርኛ ማክበርንና መናቅን በግሱ ጫፍ ይዞ ስለሚሄድ፣ ጸሐፊው ሳያስበው ጎራውን ይናገራል። በእርግጥ በጽሑፋችን አንተ ማለት ሁልጊዜ ንቀት አይደለም፤ አትሌቱንና ዘፋኙን በፍቅር ነው አንተ የምንለው። በአንድ የግጭት ዜና ውስጥ ግን የአንዱ ወገን ሰው እየተከበረ የሌላው ሲዋረድ፣ የተዋረደው ወገን አንባቢ ከዚያ በኋላ ያለውን አንድም መስመር አያምንም። «ካደ» የሚለውም ከ«አላመነም» ወይም ከ«አስተባበለ» ይለያል፤ ያደረገውን ነገር እንደሸሸገ አድርጎ ይፈርድበታል። ሁለቱም «ተናግረዋል» ቢባሉ ምንም አይጎድልም።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ነገር ተደብቋል። «ነባሩ ሕዝብ» የሚለው ሌላውን መጤ ያደርገዋል፤ መጤ የተባለ ሰው ደግሞ ምን እንደሚከተለው በአገራችን ከበቂ በላይ አይተናል። «ተገልጿል» የሚለው ደግሞ ተናጋሪ የሌለው ንግግር ነው። ማን ገለጸ? ዘጋቢው ራሱ ሊሆን ይችላል። «ተብሏል»፣ «ይነገራል»፣ «ምንጮች ጠቁመዋል» የሚሉትን ከጋዜጣ አማርኛ ጨርሶ ማጥፋት አይቻል ይሆናል፤ በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ግን አንድ በአንድ ባለቤታቸው መጠየቅ አለበት። የትዕግሥት ማለቅ ደግሞ ዜና ሳይሆን ትንቢት ነው፤ ትዕግሥቱ ላላለቀው ወጣት «እስካሁን ምን ትጠብቃለህ?» እንደማለት ነው።

እንዲህ ከታረመ በኋላ ዘጋቢው እንደገና ይደውላል። ያገኘው መልስ የሚከተለው ነው እንበል፦ የጤና ጣቢያው ነርስ የአምስት ሰዎች አስከሬን መቀበላቸውን አረጋገጡ፤ ፖሊስ ከሁለቱም ወገን ተጠርጣሪ መያዙን ተናገረ፤ ጠቡ የተነሳው ማክሰኞ ዕለት ማሳ ገብተው በተያዙ ከብቶች መሆኑን ሁለቱም ወገኖች አመኑ። ጽሑፉ አሁን እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በወንዙ መሻገሪያ አጠገብ ትናንት ምሽት በተነሳ ግጭት ሦስት አርሶ አደሮችና ሁለት አርብቶ አደሮች ተገደሉ። የጤና ጣቢያው ነርስ የአምስቱም አስከሬን እንደደረሳቸው ተናግረዋል። የሁለቱም ቀበሌ ሰዎች እንደሚሉት ጠቡ የጀመረው ማክሰኞ ዕለት ማሳ ገብተው በተያዙ ከብቶች ነው፤ መጀመሪያ ማን እንደተኮሰ ግን የሚናገሩት ይለያያል። የወረዳው ፖሊስ ከሁለቱም ወገን ተጠርጣሪዎችን መያዙን አስታውቋል።»

ይህን ሳነበው አልተለሳለሰም። የሞቱት ቁጥር አልቀነሰም፣ ማንነታቸው አልተሸሸገም፣ እንዲያውም ከመጀመሪያው የበለጠ መረጃ አለበት። የማስታረቅ ስሜት ያደረባቸው አርታኢዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ነገር እንዳይባባስ ብለው እውነቱን ራሱን ያደበዝዙታል። ታጣቂዎች ሌሊት መንደር ገብተው የተኙ ሰዎችን ከገደሉ «ግጭት» ማለት ሐሰት ነው፤ ሁለት ወገን የሌለበትን ነገር ሁለት ወገን ይሰጠዋል። «አለመግባባት ተፈጠረ» ማለትማ በሟች ላይ መቀለድ ነው። «ማንነታቸው ያልታወቀ ታጣቂዎች» የሚለውም ሐረግ፣ የተረፉት ሰዎች ገዳዮቹን በስም እየጠሩ ሳለ ሲጻፍ፣ ተጎጂው የሚያነበው ጥንቃቄን ሳይሆን ሽፋን መስጠትን ነው። እንዲህ ያለው ዝምታ የሚወልደው ቁጣ ከመጥፎ ቃል የሚወለደውን ያክላል፤ የተደበቀውን የሚነግሩት ደግሞ ምንም የማያጣሩ ሰዎች ይሆናሉ። ትክክለኛው መንገድ ያወቅነውን ከነአዋቂው መጻፍ ነው፦ ከጥቃቱ የተረፉ ሦስት ሰዎች እነማንን እንደከሰሱ፣ የተከሰሰው ቡድን ምን እንዳለ፣ እኛ ማረጋገጥ የቻልነው የቱን እንደሆነ።

ብሔርን ወይም ሃይማኖትን መጥቀስ ላይም ፍርዱ ከዚሁ ይወጣል። ጠቡ በከብትና በማሳ የተነሳ ከሆነ የሰዎቹ ብሔር ምን እንደተፈጠረ አያስረዳም፤ በሰፈሩ የማያውቀው ሰው የለም፣ ሩቅ ላለው ግን ጠቡን ወደ ሕዝብ ጠብ ያሰፋዋል። አጥቂዎቹ መታወቂያ እየጠየቁ፣ ስም እየለዩ ከገደሉ ግን ማንነቱ የወንጀሉ አካል ነው። ያኔ መተው ወንጀሉን መቁረጥ ይሆናል።

የቦታ ስም ራሱ ጎራ የሆነበት አካባቢም አለን። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው የሰላም ስምምነት የይገባኛል ጥያቄ የሚነሳባቸውን አካባቢዎች በአንዱም ወገን ስም ሳይጠራቸው፣ ጉዳያቸው በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ብቻ ብሎ ነው ያለፈው። መጽሔት እንደዚያ ማድረግ አይችልም፤ አንባቢ የት እንደሆነ ማወቅ አለበት። ግን ወደ ታች መውረድ ይቻላል። ስለ አካባቢው አስተዳደር የሚጣሉት ሰዎች ሁሉ ሁመራን ሁመራ ነው የሚሏት። የከተማዋን ስም ጠርቶ፣ ባለቤትነቱ የሚያከራክር መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልጾ መቀጠል ይቻላል።

ረቂቁ በጠረጴዛ ላይ ከታረመ በኋላ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው ስም ማቀያየር ነው። አርሶ አደር በተባለበት አርብቶ አደር፣ አርብቶ አደር በተባለበት አርሶ አደር አስገብቶ እንደገና ማንበብ። በመጀመሪያው ንባብ ተፈጥሯዊ የመሰለ ዓረፍተ ነገር ሲቀየር ጆሮን ከጎረበጠ፣ ችግሩ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ከላይ ያለውን የመጀመሪያ ረቂቅ ብናቀያይረው «ሁለት አርሶ አደሮች ሞተዋል» የሚለው ላይ ሁላችንም እንቆማለን።

ሁለተኛው ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው እንዲያነበው ማድረግ ነው፤ ከጓደኛም፣ ከጥበቃም፣ ከሒሳብ ክፍልም ሊሆን ይችላል። አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። «ይህ ጽሑፍ ያስቆጣል?» ብለን ከጠየቅን ሰው በትህትና «ኧረ ምንም አይልም» ይለናል። ይልቅ ወረቀቱን ወስደን «ምን ተፈጠረ? እስቲ በራስህ አባባል ንገረኝ፤ ጥፋተኛው ማን ሆኖ ታየህ?» እንበለው። ሲነግረን ያልጻፍነውን ነገር ከጨመረ፣ የጨመረበትን ቦታ ረቂቁ ላይ መፈለግ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ቅጽል ወይም አንድ «በአጸፋው» እዚያ ተቀምጦ ይገኛል። ሁለቱ አንባቢዎች የተቆጡት በተለያየ ነገር ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን እንለካው። ቃሉን ቀይረን እውነቱ ሳይጎድል ከቀረ፣ ቅሬታው በአነጋገራችን ላይ ነበርና እናርመዋለን። ቃሉ ሲወጣ እውነቱም አብሮ የሚወጣ ከሆነ ቅሬታው በተፈጠረው ነገር ላይ ነው፤ ያ ዓረፍተ ነገር ባለበት ይቆያል፣ የሚከተለውንም ቁጣ እንቀበላለን።

ፎቶው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ ምርመራ ያመልጣል፤ ገጽ የሚያቀናብረው ሰው በመጨረሻው ሰዓት ከማኅደር ስለሚያወጣው ነው። በጥንቃቄ የታረመ ጽሑፍ አናት ላይ ከሦስት ዓመት በፊት በሌላ ወረዳ የተነሳ፣ ክላሽ ያነገተ እረኛ ፎቶ ከተቀመጠ፣ አንባቢ የትናንቱን ገዳይ ያየ ይመስለዋል። «ከማኅደር» የሚል ጽሑፍ ከሥር በትንሹ መጻፉ አያድንም፤ ፎቶው ተቆርጦ ሲዞር ያ ጽሑፍ አብሮ አይሄድም። የዚያ ቀንና የዚያ ቦታ ፎቶ ከሌለ የወንዙን መሻገሪያ የሚያሳይ ካርታ ይግባ፤ ካርታም ከሌለ ገጹ ያለ ፎቶ ይውጣ።